21 አባላት ያሏቸው ሁለት ቡድኖች

በሒሳብ ቡድን የሚባለው ሁለት አባላቱን አጣምሮ ሦስተኛ አባል የሚሰጥ፣ የታወቁ ሕጎችን የሚያሟላ ደንብ ያለው ስብስብ ነው። 21 አባላት ያሉት ቡድን ለመሥራት ጥንድ ቁጥሮችን (a, b) መውሰድ ይቻላል። a ከ0 እስከ 6፣ b ከ0 እስከ 2 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ለ7፣ ሁለተኛው ለ3 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል።

ቀላሉ ደንብ ቀጥተኛ ብዜት ይባላል፦

(a, b)(c, d) = (a + c, b + d)

እዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አይነካኩም፤ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም ውጤቱ ያው ነው። (1, 1) ደጋግሞ ከራሱ ጋር ሲጣመር 21ዱንም አባላት ያዳርሳል።

በከፊል ቀጥተኛ ብዜት ግን b ቀጥሎ የሚመጣውን c ያባዛዋል፦

(a, b)(c, d) = (a + 2ᵇc, b + d)

2 የተመረጠው 2³ = 8 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚቀር ነው፤ b ከ3 ወደ 0 ሲመለስ ማባዣውም ወደ 1 ይመለሳል። በ2 ፈንታ 3 ቢገባ 27 ለ7 ተካፍሎ 6 ስለሚቀር ደንቡ ይፈርሳል።

አሁን (1, 0)(0, 1) = (1, 1) ሲሆን (0, 1)(1, 0) = (2, 1) ነው፤ ቅደም ተከተል ለውጥ አመጣ። (1, 1) ከራሱ ጋር ሲጣመር (3, 2)፣ ያ ደግሞ እንደገና ከ(1, 1) ጋር ሲጣመር (7, 3)፣ ማለትም (0, 0) ይሆናል። 21 ደረጃ ይወስድ የነበረው ጉዞ በ3 አለቀ።

በዚህ ቡድን 14 አባላት በ3፣ 6 አባላት በ7 ደረጃ ወደ (0, 0) ይመለሳሉ፤ 21 ደረጃ የሚወስድ አንድም የለም። በቀጥተኛው ብዜት እንዲህ ያሉት 12 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች የአባላቱን ስም በመቀየር ብቻ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።