መኪና ነጂ ሰው ወይም ከብት በገጨ ጊዜ ሕግ ምን ያዘዋል?

ሰው የገጨ ነጂ ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይታየዋል። አንደኛው የወደቀው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ከፊቱ የተዘረጋው ባዶ መንገድ ነው። ባዶውን መንገድ የሚመርጡት ሁሉ ጨካኞች ናቸው ለማለት አይቻልም። አብዛኞቹ «ከቆምሁ ጥፋቱ በእኔ ላይ ይሆናል፤ ከሄድሁ ግን ማን ያውቀኛል» ብለው ስለሚያስቡ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ይህ አሳብ በሕግ ረገድ ፍጹም የተገለበጠ መሆኑን ነው። በአገራችን ሕግ፣ ቢቆም ኖሮ አንዳች ወንጀል የማይገኝበት ነጂ በመሄዱ ብቻ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት አለብን። አንደኛው «ካሣ የሚከፍል ማን ነው?» የሚለው ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ሁለተኛው «የሚቀጣ ማን ነው?» የሚለው ሲሆን፣ መልሱ የሚገኘው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ ነው። ሕዝቡ ሁለቱን እያደባለቀ «ጥፋት የለብኝም፤ ስለዚህ ምንም አልከፍልም» ሲል እንሰማለን። ይህ ግን ስሕተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። በአንቀጽ 2086 መሠረት ደግሞ «አላጠፋሁም» ወይም «ላድነው አልቻልሁም» ብሎ ከኃላፊነት ማምለጥ አይችልም። ባለቤቱን በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ የሚያወጣው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ይህንንም ማስረዳት ያለበት ራሱ ባለቤቱ ነው።

የወንጀሉ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ነጂ በግጭት ምክንያት የሚቀጣው ቸልተኛ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ይኸውም ከልክ በላይ ሲፈጥን፣ ጠጥቶ ሲነዳ፣ ወይም ማየት የሚገባውን ሳያይ ሲቀር ነው። በጥንቃቄ ሲነዳ ሰው ድንገት የገባበት ነጂ በግጭቱ አይቀጣም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው በራሱ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛል እንበል። ጊዜው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ፍጥነቱም ልከኛ ነው። ሸኖ አጠገብ ሲደርስ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ አንዲት ባልቴት ድንገት ወደ መንገዱ ይገባሉ። ነጂው ፍሬኑን ቢይዝም መኪናው ይገጫቸዋል፤ እግራቸው ተሰብሮ ደም ይፈሳቸዋል።

ነጂው ቆመ እንበል። መብራቱን እንዳበራ ሌላ መኪና እንዳይደርብባቸው መንገደኞችን ያስጠነቅቃል፤ የሚፈሰውን ደም በጨርቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 ይደውላል። ቁስለኛዋን ለማድረስ ግድ ካልሆነበት በቀር መኪናውን ከቦታው አያንቀሳቅስም። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የጎማውን ጭረት ይለካል፤ የቆመው የጭነት መኪና የት እንደ ነበረ በንድፍ ያሰፍራል፤ ያዩትንም ሰዎች ይጠይቃል። ያ ጭረትና ያ ንድፍ «ፍጥነቴ ልከኛ ነበር፤ ሴትዮዋ የወጡት ከመኪና ጀርባ ነው» ለሚለው ቃሉ ምስክሮቹ ናቸው። በወንጀል ላይከሰስ ይችላል። ካሣውም በባልቴቲቱ ጥፋት መጠን ሊቀነስለት ይችላል። ጥቂት ቸልተኝነት ቢገኝበት እንኳ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተጎጂውን መርዳትንና ራስን ለባለሥልጣን ማቅረብን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች መካከል ይቈጥራቸዋል።

አሁን ደግሞ ሄደ እንበል። ባልቴቲቱ ረዳት ሳያገኙ ሁለት ሰዓት ደም ሲፈሳቸው ቆይተው ይሞታሉ። በማግስቱ የተሰበረው የመብራት መስተዋት ስብርባሪና አንድ እረኛ ያስታወሰው የሰሌዳ ቍጥር ነጂውን ያስይዙታል። ትናንት በቸልተኝነት እንኳ የማይጠየቅ የነበረው ሰው ዛሬ በአንቀጽ 575 ይጠየቃል። ይህ አንቀጽ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ አውቆ የተወውን ሁሉ የሚቀጣ ነው፤ የተወው ሰው ራሱ ጉዳቱን ያደረሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱን ያከብድበታል። ልብ በሉ፤ ግጭቱ ሳያስቡት የሚደርስ ነገር ነው፤ ትቶ መሄድ ግን አውቆ የሚደረግ ነው። ከዚህም አልፎ ዐቃቤ ሕግ «እንደሚሞቱ እያወቀ፣ ቢሞቱም ይሙቱ ብሎ ሄደ» ብሎ ማስረዳት ከቻለ፣ ነገሩ ከቸልተኝነት ወጥቶ ወደ አስቦ መግደል ክርክር ሊገባ ይችላል። በግጭቱ ጥፋት ኖሮበት ከሆነም ሁለቱ ወንጀሎች ለየብቻቸው ተመዝነው ቅጣታቸው ይደመራል። በካሣው በኩልም ቢሆን ጭረቱን ዝናብና ጎማ አጥፍተውታል፤ ንድፍ የለም፤ የጭነት መኪናውም ሄዷል። የባልቴቲቱን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ በእርሱ ላይ እንዳለ ነው፤ ማስረጃውን ግን ራሱ ጥሎት ሄዷል።

«ተጎጂው ወዲያው ከሞተስ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። እውነት ነው፤ የሞተን ሰው መርዳት አይቻልምና አንቀጽ 575 በዚያ ጊዜ ላይሠራ ይችላል። ነገር ግን በጨለማ መንገድ ላይ ሰው መሞቱን የሚለይ ሐኪም እንጂ የደነገጠ ነጂ አይደለም። የመቆምና ለፖሊስ የማስታወቅ ግዴታውም በሞቱ አይቀርም።

«ሕዝቡ ቢደበድበኝስ?» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ ፍርሃቱም ባዶ አይደለም። ሕጉ ይህን አልዘነጋውም። አንቀጽ 575 እርዳታን የሚያዝዘው በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊደረግ የሚቻል ሲሆን ነው፤ እርዳታውም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ድንጋይ ያነሣ ሕዝብ የከበበው ነጂ ከመኪናው እንዲወርድ አይገደድም። ነገር ግን በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቦታውን መናገርና አምቡላንስ ማስጠራት አለበት። ከፈራና ከሸሸ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ወዴት እንደ ሄደና በስንት ደቂቃ ውስጥ እንዳስታወቀ ነው። ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ፈርቷል፤ ወደ ጋራዥ ሄዶ መብራቱን ያስቀየረ ግን ሸሽቷል።

ስለ ከብት ጥቂት እንጨምር። አንቀጽ 575 የሚናገረው ስለ ሰው ስለ ሆነ፣ በሬ ገጭቶ የሄደ ነጂ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። የካሣው ሕግ ግን ያው ነው፤ የመኪናው ባለቤት ለበሬው ዋጋ ተጠያቂ ይሆናል። በሌላ በኩል አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ በሬው ያለ እረኛ በሌሊት አስፋልት ላይ ተገኝቶ መኪናውን ቢሰብር ነጂውም በበኩሉ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን መብት የሚያገኘው ግን ቆሞ ባለቤቱን የፈለገ፣ ካጣም ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያስታወቀና ያስመዘገበ ነው። የሄደው ክርክሩን ለባለ በሬው ብቻ ትቶለት ሄዷል። በመንገዱ መካከል ጥሎት የሄደው በሬም በጨለማ ለሚመጣው ሞተር ብስክሌት ወጥመድ ነው፤ በዚያም ሰው ከሞተ፣ ፋይሉ የበሬ መሆኑ ቀርቶ የሰው ይሆናል።