የአባላትን ማንነትና ዕዳ ከሪፖርት ስለ ማውጣት

በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ አካባቢ ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለውጭ ተባባሪ ድርጅት ሪፖርት ሲልክ፣ የአባሉ ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ቀሪ ዕዳ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ነጋዴ የአባሉን ዕዳ ካወቀ መቸገሩን አይቶ የበርበሬውን ዋጋ ይሰብርበታል።

ስለዚህ ዋናው ሪፖርት በማኅበሩ ይቀመጥና ሥራው በግልባጩ ላይ ይሁን። ስልክና የሒሳብ ቁጥር ፈጽሞ ይውጣ። ስም በአዲስ መለያ ቁጥር ይተካ፤ ስምና መለያውን የሚያገናኘው ዝርዝር በካዝና ይቆለፍ።

ይሁን እንጂ ስም ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ የውሃ ፓምፕ በብድር የወሰዱ ሴት አንዲት ብቻ ቢሆኑ፣ «ሴት፣ ፓምፕ፣ ዕዳ 18,000 ብር» የሚለው መስመር ያለ ስምም ማንነታቸውን ይገልጻል። ያን መስመር ብቻ መሰረዝም አያድንም። የሦስቱ ቀበሌዎች የሴቶች የፓምፕ ዕዳ ድምር 90,000 ብር፣ የሁለቱ ደግሞ 40,000 እና 32,000 ብር ተብሎ ከተጻፈ፣ አንባቢው ቀንሶ 18,000ውን ያገኛል። እኛ የምንመክረው ቀበሌዎቹን አዋህዶ ድምሩን ብቻ ማቅረብን ነው። ከ5 ሰው በታች የሆነ መስመርም ለብቻው ባይወጣ ይሻላል።

በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ የተደበቀ ዓምድ ተመልሶ ስለሚገለጥ፣ መደበቅ ሳይሆን መሰረዝ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ በቀለም የተጠቆረ ጽሑፍም ወደ ብርሃን ሲያዙት ሊነበብ ስለሚችል፣ የሚላከው የጠቆረው ወረቀት ሳይሆን ፎቶኮፒው ይሁን።

በመጨረሻ የቀበሌውን ሰው የሚያውቅ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ግልባጩን ያንብብ። አንድ አባል እንኳ ከለየበት ሪፖርቱ ገና አልተዘጋጀም።