ከሲሪንጁ ወደ ክብደቱ

በአንድ አራስ ሕፃን ካርድ ላይ «ጄንታማይሲን 1.4 ሲሲ፣ በቀን አንድ ጊዜ» የሚል ትዕዛዝ ሰፍሯል እንበል። ሕፃኑ ወሩን ጠብቆ የተወለደ፣ አምስት ቀን የሆነው፣ 2.8 ኪሎ የሚመዝን ነው። ትዕዛዙ ትክክል ነው? ሂሳብ የሚችል ሁሉ ካልኩሌተር ሊያነሣ ይችላል፤ ከዚህ መስመር ብቻ ግን መልሱን የሚያውቅ የለም። ልኩም፣ የልኩ አራት እጥፍም ሊሆን ይችላል።

ጄንታማይሲን በአራስ ሕፃናት ላይ ለሚደርስ ከባድ ኢንፌክሽን በመርፌ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መደበኛ ክብደት ላለው አራስ በመጀመሪያው ሳምንት በየኪሎው 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ 2.8 በ5 ሲባዛ 14 ሚሊ ግራም ይሆናል። እስከዚህ ያለው ሂሳብ የሚመለከተው ሕፃኑን ብቻ ነው። ነርሷ በሲሪንጅ የምትስበው ግን ሚሊ ግራም አይደለም፤ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው ሂሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ሲሆን፣ እሱን የሚወስነው አምፑሉ ነው።

መድኃኒቱ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል። አንዱ አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር (በሆስፒታል አነጋገር በ2 ሲሲ) ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ይዟል። ሌላውም 2 ሲሲ ነው፤ የያዘው ግን 80 ሚሊ ግራም ነው። በመጀመሪያው አንዱ ሲሲ 10 ሚሊ ግራም ስለሆነ 14 ሚሊ ግራም ለማግኘት 1.4 ሲሲ ይሳባል። በሁለተኛው አንዱ ሲሲ 40 ሚሊ ግራም ነውና የሚበቃው 0.35 ሲሲ ብቻ ነው። ትዕዛዙን የጻፈው ሰው በልቡ ትንሹን አምፑል ይዞ፣ መደርደሪያው ላይ የተገኘው ትልቁ ከሆነ ሕፃኑ 56 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። ባለ 80ው አምፑል 6 ሲሲ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ተጨምሮበት 8 ሲሲ ሲደረግ ጥንካሬው ወደ 10 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከዚያው አምፑል የተሳበው 1.4 ሲሲ ልክ ነው። የአምፑሉ ጽሑፍ ግን አልተለወጠም።

የመጀመሪያውን ስሌት እንደገና መድገም ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ሰው በተመሳሳይ ጉድጓድ ይወድቃል። የሚሻለው ከመጨረሻው መነሣት ነው፤ የተሳበውን ሲሲ፣ በእጅ ባለው ፈሳሽ በአንዱ ሲሲ ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም አባዝቶ ለክብደቱ ማካፈል። ባልተቀላቀለው ትልቅ አምፑል 1.4 በ40 ሲባዛ 56፣ ለ2.8 ሲካፈል 20 ይሆናል። በየኪሎው 5 የታዘዘለት ሕፃን 20 ሊወስድ ነው ማለት ነው። ስሕተቱ አፍጥጦ የሚታየው በዚህ አቅጣጫ ነው። ሁለተኛ ሰው ሲያረጋግጥም የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ ቢያሰላ ይሻላል፤ «14 ነው አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ማለት ይቀናዋል።

ይህን ለማድረግ ግን ካርዱ የሚፈለገውን ሁሉ መያዝ አለበት፤ ክብደቱንና የተመዘነበትን ቀን፣ በየኪሎው የታሰበውን መጠን፣ ጠቅላላውን ሚሊ ግራም፣ የተሳበበትን ፈሳሽ ጥንካሬ፣ በመጨረሻም ሲሲውን። ሲሲ ብቻ የተጻፈበት ትዕዛዝ በእኔ እምነት ተመልሶ ሊጠየቅበት የሚገባ ነው። አጻጻፉም ልብ ይባል። ነጥቡ ከደበዘዘ «.35» ሠላሳ አምስት፣ «5.0» ደግሞ ሃምሳ ሆኖ ሊነበብ ስለሚችል፣ ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፋል፤ ከነጥብ በኋላ ለማሳመር ብቻ ዜሮ አይጨመርም። 0.35 ሲሲም በባለ 5 ሲሲ ሲሪንጅ በትክክል ሊለካ አይችልም፤ ባለ 1 ሲሲው ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈለገው ሕፃኑን በማየት ብቻ ስሕተቱን ማወቅ ስለሚያስቸግር ነው። ጄንታማይሲን ሲበዛ የሚጎዳው ኩላሊትንና ጆሮን ነው። የአራስ ልጅ ጆሮ መጎዳቱ በዚያው ቀን አይታወቅም። በተቃራኒው ከባለ 20ው አምፑል 0.35 ሲሲ ቢሳብ የሚሰጠው 3.5 ሚሊ ግራም፣ የሚገባው ሩብ ብቻ ነው። ኢንፌክሽኑ ሳይበርድ ሲቀር ወቀሳው በመድኃኒቱ ላይ ይወርዳል።

የወደ ኋላው ሂሳብ የማይደርስባቸው ስሕተቶችም አሉ። የተጻፈው ክብደት የትውልድ ቀኑ ከሆነ፣ አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሎው ስለሚቀንስ፣ ሂሳቡ ልክ ሆኖ መነሻው ያረጀ ነው። ሕክምናው ሁለተኛውን ሳምንት ሲነካ ደግሞ መመሪያው በየኪሎው ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል፤ ክብደቱ እዚያው 2.8 ቢሆን እንኳ መጠኑ 21 ሚሊ ግራም ነው። በስምንተኛው ቀን ካርድ ላይ ከትናንቱ መስመር የተገለበጠ 14 ሚሊ ግራም ካለ፣ ማባዛቱም ማካፈሉም ሳይስት መጠኑ ያነሰ ነው።