ሁለተኛ ቅርንጫፍ የሚከፍት ዳቦ ቤት፦ የገበያ ዕቅዱ እንዴት ይሠራል?

በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ደንበኛ ያፈራ ዳቦ ቤት ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቢከፍት የገበያ ዕቅዱ ምን መምሰል አለበት? የማርኬቲንግ ተማሪዎች እንዲህ ዓይነት የቤት ሥራ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ምርትን፣ ዋጋን፣ ቦታንና ማስተዋወቅን በየርዕሱ ዘርዝረው የጥንካሬና የድክመት ሠንጠረዥ ይጨምሩበታል። ይህ ቅርጹን ያሟላል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን አይመልስም። ዋናው ጥያቄ አዲሱ ቅርንጫፍ ከሚሸጠው ዳቦ ስንቱ በእርግጥ አዲስ ሽያጭ፣ ስንቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቅርንጫፍ የተወሰደ ነው የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌቱ ማሳያ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ነባሩ ዳቦ ቤት በቀን 2,000 ዳቦ በ10 ብር ይሸጣል፤ ዱቄቱ፣ እርሾውና የመጋገሪያው መብራት ተቀንሶ ከአንድ ዳቦ 3 ብር ይተርፈዋል። አዲሱ ቅርንጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ በኮንዶሚኒየም ሥር ይከፈታል። ምድጃ አይተከልለትም፤ ዳቦው ከነባሩ እየተጫነ ይመጣል። ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ማጓጓዣው ተደምሮ በወር 75,000፣ በቀን 2,500 ብር ይሆናል።

2,500 ለ3 ሲካፈል 834 ዳቦ ገደማ ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ከአዲሱ ቅርንጫፍ ገዢዎች ከአምስቱ አንዱ ድሮም የነባሩ ደንበኛ ከሆነ፣ እሱ የሚገዛው ዳቦ ለድርጅቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ከእያንዳንዱ ዳቦ በአማካይ የሚገኘው አዲስ ገቢ 2 ብር ከ40 ሳንቲም ብቻ ስለሚሆን፣ ወጪውን ለመሸፈን በቀን 1,042 ዳቦ መሸጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሰፈሩ ይህን ያህል ዳቦ ይገዛል ወይ የሚለው ይመጣል። በኮንዶሚኒየሙ 600 ቤተሰብ ቢኖርና እያንዳንዱ በቀን አራት ዳቦ ቢገዛ ጠቅላላው 2,400 ነው። ከዚህ ስንት እጅ ለአዲሱ ቅርንጫፍ እንደሚደርስ በግምት መጻፍ አይገባም። ተማሪው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታም ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት በአካባቢው ዳቦ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ቆሞ ገዢውንና የያዘውን ዳቦ ይቆጥራል፤ በሥራ ቀንም፣ በእሑድም። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሸገር ዳቦ መሸጫ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ በዋጋ ከእሱ ጋር መፎካከር ስለማያዋጣ፣ ዕቅዱ የሚያተኩረው በትኩስነት ላይ ይሆናል። ዳቦው ተጭኖ ስለሚመጣ ይህ ቀላል አይደለም፤ ጠዋት አንዴ ብቻ የመጣ ዳቦ ማታ ደረቅ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላም፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሌላ ጭነት መድረስ አለበት። ከማስታወቂያ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሰዓት በትልቁ ተጽፎ በር ላይ መለጠፉና ሳይዛነፍ መጠበቁ ነው።

ቆጠራው ከሦስት አንድ እጅ እንደሚገኝ ካሳየ ሽያጩ 800 ዳቦ ነው፤ 1,042 አይሞላም። ጥሩ ዕቅድ ይህን ጉድለት አይሸፋፍንም። ከ800ው 640ው አዲስ ሽያጭ በመሆኑ 1,920 ብር ይገኛል፤ በቀን 580 ብር ይጎድላል። ኬክ መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከጿሚው ደንበኛ ስለሚርቅ የሚተማመኑበት ገቢ አይሆንም። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ያለበት ዳቦ ግን በጾምም ይበላል። ስለዚህ ዳቦውን ራሱን ለአካባቢው ሱቆችና ቁርስ ቤቶች በ8 ብር ከ50 ማከፋፈል ይሻላል። ከአንዱ 1 ብር ከ50 ስለሚተርፍ ጉድለቱን ለመሙላት 387 ዳቦ ይበቃል፤ ለአሥር ሱቅ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ40 አይበልጥም። ሱቆቹ ያልተሸጠውን ዳቦ እንዲመልሱ ከተፈቀደላቸው ግን ስሌቱ ይበላሻል፤ ውሉ ያለ ተመላሽ መሆን አለበት።

የዕቅዱ የመጨረሻ ክፍል ክትትል ነው። የሚታየው የአዲሱ ቅርንጫፍ ወረፋ ሳይሆን የነባሩ የቀን ሽያጭ ነው። ከአምስት አንድ የሚለው ግምት ትክክል ከሆነ የነባሩ ሽያጭ ከ2,000 ወደ 1,840 ገደማ ይወርዳል። ወደ 1,700 ከወረደ ግን ከአዲሱ ቅርንጫፍ 800 ዳቦ አዲስ የሚባለው 500 ብቻ ነው፤ ወረፋው ምንም ቢረዝም፣ ሱቆቹም ድርሻቸውን ቢወስዱ፣ ድርጅቱ በቀን 420 ብር ይከስራል።