አዲሱ የወጪ ደንብ ከየትኛው ቀን ይጀምራል?

ሠራተኛ ለሥራ ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ የሚመለስበት ደንብ ሲቀየር፣ የውስጥ ማስታወሻው “ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል” ማለቱ ብቻ አይበቃም። ቀኑ የሚቆጠረው ገንዘቡ ከወጣበት ነው ወይስ ጥያቄው ለፋይናንስ ከቀረበበት? ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሠራተኛ ሰኔ 29 ወደ ሐዋሳ ሄዶ ሐምሌ 2 ተመለሰ እንበል። ሦስት ሌሊት አድሮ ለእያንዳንዱ 1,400 ብር ከፍሏል። የቀድሞው ደንብ ለአንድ ሌሊት እስከ 1,000 ብር፣ አዲሱ እስከ 1,500 ብር ይመልሳል። የወጪው ቀን ከታየ፣ ሁለቱ የሰኔ ሌሊቶች በቀድሞው፣ የሐምሌ 1 ሌሊት በአዲሱ ደንብ ተወራርደው 3,400 ብር ይመለስለታል። ጥያቄው የቀረበበት ቀን ከታየ ግን 4,200 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 800 ብር ነው።

ሆቴሉ በመጨረሻው ቀን አንድ ደረሰኝ ብቻ ከቆረጠ ደግሞ ሌሊቶቹን መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ማስታወሻው ሌሊቶቹ በየቀናቸው ተዘርዝረው እንዲጻፉ ይጠይቅ።

ማስታወሻ የምታዘጋጁ ኃላፊዎች፣ “ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለሚወጣ ወጪ” ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም እንዲህ ያለ ስሌት አስቀምጡ።