ሦስት ጠረጴዛዎች፣ ሦስት ማብራሪያዎች

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሬይ ሪስት የተባለ ወጣት ሶሲዮሎጂስት በአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እየተመላለሰ በአፀደ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ይመዘግብ ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ናቸው፤ መምህርቷም ጥቁር ናት። ትምህርት በተጀመረ በ8ኛው ቀን መምህርቷ ልጆቹን በሦስት ጠረጴዛዎች ደልድላ ቋሚ ቦታ ሰጠቻቸው። በመማር ፈጣን ናቸው ያለቻቸውን በአንደኛው፣ የቀሩትን በሁለተኛውና በሦስተኛው አስቀመጠች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ የትምህርት ችሎታቸውን የሚለካ ፈተና አልተፈተኑም። መምህርቷ የነበራት መረጃ ሌላ ነው፦ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ የሞሉት ቅጽ፣ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ዝርዝር፣ ስለ ታላላቅ ወንድምና እህቶቻቸው ከባልደረቦቿ የሰማችው። በአንደኛው ጠረጴዛ የተቀመጡት ልብሳቸው ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ አነጋገራቸው ለትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የቀረበ፣ ወላጆቻቸውም የተሻለ ኑሮና ትምህርት ያላቸው ልጆች ሆነው ተገኙ። ሪስት እነዚህን ልጆች እስከ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተከትሎ ውጤቱን በ1970 አሳተመ። የሶሲዮሎጂ ሦስት ታላላቅ አመለካከቶች በምን እንደሚለያዩ ለማየት ከዚህ አፀደ ሕፃናት የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ፈንክሽናሊዝም የሚነሣው ኅብረተሰብ ጸንቶ እንዲቆም እያንዳንዱ ተቋም ምን ይሠራለታል ከሚል ጥያቄ ነው። የአስተሳሰቡ መሠረት ከፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም የመጣ ቢሆንም፣ ወደ መማሪያ ክፍል ያስገባው አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ ነው። የሪስት ጥናት በወጣበት በዚያው የሃርቫርድ የትምህርት መጽሔት ላይ በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክፍሉ በቤትና በሥራው ዓለም መካከል ያለ መሸጋገሪያ ነው ይላል። ቤት ውስጥ ልጅ የሚወደደው ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ግን ዕድሜያቸው የተቀራረበ ልጆችን ሰብስቦ፣ ለሁሉም አንድ ሥራ ሰጥቶ፣ በአንድ መስፈርት ይመዝናቸዋል። በካርዳችን ላይ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደወጣን ሲጻፍ የኖረው ቁጥር ፓርሰንስ የሚለውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ተረስቶ በሠራው ልክ መመዘንን ይለምዳል፤ ኅብረተሰቡም ለከባዱ ሥራ የሚመጥነውን ሰው ያገኛል።

ይህን አመለካከት ቶሎ የሚንቁት ሰዎች ያሳዝኑኛል። መምህርቷ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ፊት ብቻዋን የቆመች ሰው ናት፤ በቡድን መክፈሉ ሥራውን አቅልሎላታል። ሆኖም ፓርሰንስ የሠራው ሕንፃ የሚፈርሰው ከመሠረቱ ነው። በእሱ አስተሳሰብ መጀመሪያ ሥራ አለ፣ ከዚያ ምዘና፣ ከምዘናው በኋላ ቦታ። በሴንት ሉዊስ ቦታው ቀደመ። የተመዘነውም ትምህርት ቤቱ ይረሳዋል የተባለው ነገር፣ የማን ልጅነት ነው።

እንግዲህ ቦታው ከቀደመ፣ በኋላ የመጣው ውጤት እንዴት ቦታውን መሰለ? እዚህ ላይ ምልክታዊ መስተጋብር የሚባለው አመለካከት ጉልበት ያገኛል። ሥሩ የፈላስፋው የጆርጅ ኸርበርት ሚድ ትምህርት ነው፤ ስም ያወጣለት ተማሪው ኸርበርት ብሉመር በ1937 ነው። ሰዎች ለአንድ ነገር የሚሰጡት ምላሽ ነገሩ ለእነሱ ባለው ትርጉም ይወሰናል፤ ትርጉሙም የሚወለደው እርስ በርስ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ስለ «ሥርዓቱ» ከማውራቱ በፊት ማን ማንን ጠራ፣ ማን እጁን አወጣ፣ ማን ታለፈ የሚለውን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።

ሪስት ያየው ይህንኑ ነው። መምህርቷ የምትቆመው ለአንደኛው ጠረጴዛ ቀርባ ነው፤ የምትጠይቀውም የምታመሰግነውም በአብዛኛው እነሱን ነው። ከኋላ ያሉት ድምፅዋ በደንብ ስለማይደርሳቸው እርስ በርስ ማውራት ያዙ፤ ያም የስንፍናቸው ማስረጃ ሆነ። የአንደኛው ጠረጴዛ ልጆች የመምህርቷን አያያዝ ወርሰው በሌሎቹ ላይ መሳለቅ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ሪስት ቤታቸው ሄዶ ሲጎበኛቸው፣ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉ ልጆች ለሌላ ሰው የተነገረውን ትምህርት በሩቁ ሰምተው ቤት ሲደግሙት አገኘ። መማር ችለዋል፤ መማራቸውን የሚያይ አልነበረም።

አንደኛ ክፍል ሲገቡ አዲስ መምህርት ተረከበቻቸው። ከኋላ የነበሩት የአፀደ ሕፃናቱን መልመጃ ስላልጨረሱ እንደገና ከዚያ ጀመሩ፤ ፊት የነበሩት ቀጠሉ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ድልድሉ የተሠራው በንባብ ውጤት ነው። ቡድኖቹም ስም ወጣላቸው፤ የፊተኞቹ «ነብሮች» ሲባሉ የመጨረሻዎቹ «ቀልደኞች» ተባሉ። ያለ ፈተና በ8ኛው ቀን የተሰጠ ግምት በሁለት ዓመት ውስጥ በወረቀት የሰፈረ ውጤት ሆነ ማለት ነው። የሁለተኛ ክፍሏን መምህርት አድልተሻል የሚላት ቢመጣ፣ ቁጥሩን አውጥታ ታሳያለች።

ይህ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። የመምህር ግምት ብቻውን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ ሙከራ ያስፈልጋል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ባሳተሙት ታዋቂ ሙከራ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «በዚህ ዓመት አእምሯቸው ይከፈታል» ብለው ለመምህራን ነገሩ። ልዩነት በጉልህ የታየው በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ አለካኩም ብዙ ተተችቷል። ስቲቨን ራውደንቡሽ በ1984 ተመሳሳይ ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ውጤቱ የሚታየው መምህሩ ልጆቹን ሳያውቃቸው ወይም ካወቃቸው ከሁለት ሳምንት ያልበለጠ ሲሆን እንደሆነ አገኘ። መምህር ልጁን በሚገባ ካወቀው በኋላ የሌላ ሰው ወሬ ብዙም አይለውጠውም። እንግዲህ የግምት ኃይል የሚበረታው ልጁ ገና ባልታወቀበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ይህ አመለካከት መልስ የማይሰጠው ጥያቄ አለ። መምህርቷ ለምን ሌላ ሳይሆን ይህንኑ ምስል ይዛ መጣች? ንጹሕ ሸሚዝና የተወሰነ አነጋገር የጉብዝና ምልክት የሆኑት በዚያ ክፍል ውስጥ አይደለም። የግጭት ንድፈ ሐሳብ የሚገባው በዚህ በር ነው። ሳሙኤል ቦውልስና ኸርበርት ጊንቲስ በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርት ቤት የሥራ ቦታን እርከን በትንሹ ይቀዳል ብለዋል፦ ለድኻው ልጅ ትእዛዝ መቀበልን፣ ለባለጸጋው ልጅ በራስ መሥራትን ያለማምዳል። ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ ደግሞ የተሻለ ኑሮ ያለው ቤተሰብ አነጋገርና ልማድ ትምህርት ቤት ሲደርስ እንደ ተፈጥሮ ችሎታ እንደሚቆጠር አሳይቷል። በሴንት ሉዊስ ሁሉም ጥቁር ስለነበሩ ልዩነቱ በጥቁርና በነጭ ልዩነት አይገለጽም፤ የተለዩት በመደብ ነው። መምህርቷ ራሷ የኖረችውን የተማረ ሰው ኑሮ መለኪያ አድርጋ ልጆቹን ስትለይ ክፉ ማሰብ አላስፈለጋትም።

የዚህ አመለካከት ድክመት መጨረሻውን ቀድሞ ማወቁ ነው። ድኻ ከኋላ እንደሚቀር ይነግረናል፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ድርጊት እንደቀረ ግን አይነግረንም። ከድኻ ቤት ወጥቶ የተሳካለት ተማሪም ለማብራሪያው አስቸጋሪ ይሆናል።

ታዲያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ማብራሪያዎች በዚሁ መረጃ መለየት ይቻላል? ችግሩ የመምህር ግምት ብቻ ከሆነ፣ መምህር ሲቀየር ጠረጴዛውም መቀየር ነበረበት። መደብ ከሆነ፣ ማንም ቢያስተምር ድልድሉ አንድ ይሆናል። መምህራኑ ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ፤ ድልድሉ ብዙም አልተለወጠም። ለግጭት ንድፈ ሐሳብ ያደላ ይመስላል። ነገር ግን ተረካቢዎቹ ልጆቹን የተቀበሉት ካልጨረሱት መልመጃና ከንባብ ውጤታቸው ጋር ነው፤ የመጀመሪያዋ መምህርት ግምት በወረቀት ተከትሏቸዋል። ሁለቱን ለመለየት ስለ ልጆቹ አንዳች ወረቀት ያልደረሳት መምህርት ያስፈልጋል፤ የሪስት ጥናት ግን እንዲህ ያለች መምህርት አልነበረውም።