ሲመሽ የሚጠፉ ካሜራዎች፦ የፒኦኢ የኃይል በጀት እንዴት ይሰላል?

ፒኦኢ በመባል የሚታወቀው አሠራር መረጃንና የኤሌክትሪክ ኃይልን በአንድ የኔትወርክ ኬብል ያስተላልፋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የኔትወርክ ስልክ ወይም ኮርኒስ ላይ የተገጠመ የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት የራሱ ሶኬት አያስፈልገውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ኬብሉ ከተሰካበት ስዊች ነው። ስዊቹም ቢሆን የሚሰጠው ኃይል ልክ አለው። ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለሁሉም ወደቦች በጋራ የሚያከፋፍለው የተወሰነ ዋት ሲሆን፣ ይህ መጠን የኃይል በጀት ይባላል። መሣሪያዎቹ ተደምረው ከበጀቱ በላይ ሲስቡ ስዊቹ የአንዱን ወደብ ኃይል ያቋርጣል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ደግሞ ነገሩ አንድ ካሜራ ወይም ስልክ ያለ ምክንያት እየጠፋ የሚነሳ ይመስላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጣሪያዎች አሉ። አንደኛው የእያንዳንዱ ወደብ ጣሪያ ነው። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ደረጃ `802.3af` ለአንድ ወደብ እስከ 15.4 ዋት ይፈቅዳል። በ2009 የወጣው `802.3at` መጠኑን ወደ 30 ዋት አሳደገው፤ በ2018 የተከተለው `802.3bt` ደግሞ እስከ 90 ዋት አደረሰው። ሁለተኛው ጣሪያ የጠቅላላው በጀት ነው፤ ችግር የሚፈጠረውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ባለ 24 ወደብ ስዊች ሁሉንም ወደቦች በ15.4 ዋት ለመመገብ 369.6 ዋት ያስፈልገዋል። በገበያ ላይ 370 ዋት የሚል በጀት ያላቸው ስዊቾች የሚበዙት በዚሁ ስሌት ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ባለ 24 ወደብ ስዊቾች ግን በጀታቸው ከዚህ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ላይ «24 የፒኦኢ ወደብ» ተብሎ መጻፉ ወደቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል ያገኛሉ ማለት አይደለም።

አንድ መሣሪያ ሲሰካ ስዊቹ ወዲያው ኃይል አይለቅም። አስቀድሞ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይፈትሸዋል፤ በሌላው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም አካባቢ የሆነ መለያ ሬዚስታንስ ካገኘ መሣሪያው ፒኦኢ ተቀባይ መሆኑን ያውቃል። ከዚያ መሣሪያው የኃይል ክፍሉን ያሳውቃል። ክፍል 1 ከስዊቹ 4 ዋት፣ ክፍል 2 ደግሞ 7 ዋት፣ ክፍል 3 15.4 ዋት፣ ክፍል 4 30 ዋት ይጠይቃል። እነዚህ ከስዊቹ የሚወጡ መጠኖች ናቸው። ኬብሉ በመንገድ ላይ ከፊሉን ወደ ሙቀት ስለሚቀይረው፣ ለክፍል 3 መሣሪያ እንዲደርስ የተረጋገጠው 12.95 ዋት ብቻ ነው። በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ኬብል ከንጹሕ መዳብ የበለጠ ሬዚስታንስ ስላለው የሚባክነውም ይጨምራል። ስለዚህ በጀት ሲሰላ መቆጠር ያለበት ካሜራው የሚቀበለው ሳይሆን ስዊቹ የሚያወጣው ዋት ነው።

ስዊቾች በጀታቸውን በሁለት መንገድ ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው መንገድ ስዊቹ መሣሪያው ባሳወቀው ክፍል መሠረት ሙሉውን መጠን ይይዝለታል፤ መሣሪያው ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም የተያዘው ለሌላ አይሰጥም። በሁለተኛው መንገድ ስዊቹ በየጊዜው የሚለካውን ትክክለኛ ፍጆታ ብቻ ይቆጥራል። የሁለቱ ልዩነት በብልሽቱ መልክ ይታያል። በክፍል የሚቆጥር ስዊች በጀቱ ሲያልቅበት አዲስ የተሰካውን መሣሪያ ከመጀመሪያውም አያስነሳውም። በፍጆታ የሚቆጥር ስዊች ግን ሁሉንም ያስነሳና ፍጆታው ሲጨምር መሀል ላይ አንዱን ይጥላል። ስለዚህ ጨርሶ የማይነሳ መሣሪያ ወደ መጀመሪያው፣ እየጠፋ የሚነሳ መሣሪያ ደግሞ ወደ ሁለተኛው አቆጣጠር ይጠቁማል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ የእንግዳ ማረፊያ በምሳሌነት ይወሰድ። ስዊቹ ባለ 24 ወደብ ሲሆን በጀቱ 190 ዋት ነው፤ የሚቆጥረውም በፍጆታ ነው። ከወደብ 1 እስከ 8 ስልኮች፣ 9 እና 10 ላይ ሁለት አክሰስ ፖይንቶች፣ ከ11 እስከ 22 ደግሞ 12 የውጭ ካሜራዎች ተሰክተዋል። በስዊቹ በኩል ሲለካ አንድ ስልክ 3 ዋት፣ አንድ አክሰስ ፖይንት 14 ዋት ይወስዳል። ካሜራው ቀን 5 ዋት ይበቃዋል፤ ሲጨልም ግን በጨለማ ለማየት የኢንፍራሬድ መብራቱን ስለሚያበራ ወደ 12 ዋት ይወጣል።

የቀኑ ድምር ቀላል ነው፦

```
8×3 + 2×14 + 12×5  =  24 + 28 + 60  = 112 W
```

ከ190 ዋት ላይ 78 ዋት ይተርፋል። ገጣሚው ሥራውን ከቀትር በኋላ አጠናቆ ሁሉንም ፈትሾ ቢያስረክብ አንዳች ጉድለት አይታየውም። የማታው ድምር ግን ሌላ ነው፦

```
8×3 + 2×14 + 12×12 =  24 + 28 + 144 = 196 W
```

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃኑ ሲደክም ካሜራዎቹ አንድ በአንድ ወደ ማታ አሠራር ይገባሉ፤ እያንዳንዱም በድምሩ ላይ 7 ዋት ይጨምራል። 11ኛው ካሜራ መብራቱን ሲያበራ ድምሩ 189 ይደርሳል። 12ኛው ሲያበራ 196 ይሆንና በጀቱ በ6 ዋት ይታለፋል። በዚህ ጊዜ ስዊቹ አንድ ወደብ መጣል አለበት። ለወደቦቹ የተለየ ቅድሚያ ካልተሰጣቸው ብዙ ስዊቾች ከፍተኛ ቁጥር ያለውን ወደብ ይጥላሉ፤ እዚህ ላይ ወደብ 22 መሆኑ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ድምሩ ወደ 184 ይወርዳል። ቦታ እንደተገኘ ስዊቹ ወደቡን መልሶ ይከፍተዋል። ካሜራው በመነሳት ላይ እያለ መብራቱን ስላላበራ 5 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ ድምሩም 189 ሆኖ በጀቱ ውስጥ ያድራል። ተነስቶ ሲያበቃ ጨለማ መሆኑን ያያል፣ መብራቱን ያበራል፣ ድምሩ 196 ይሆናል፣ ካሜራው እንደገና ይጠፋል። ዑደቱ እስኪነጋ ይቀጥላል። አንዳንድ ስዊቾች ደግሞ ወደቡን መልሰው ከመክፈታቸው በፊት የክፍሉን ሙሉ መጠን ባዶ ሆኖ ማግኘት ይፈልጋሉ። 184 ላይ 15.4 ሲደመር 199.4 ስለሚሆን ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያድርና ጠዋት በራሱ ይነሳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠፋው ካሜራ ጥፋት የለበትም። በጀቱን ያስጣሰው መብራቱን መጨረሻ ላይ ያበራው ሌላ ካሜራ ሊሆን ይችላል፤ ወደብ 22 የተመረጠው በቁጥሩ ብቻ ነው። ስልኮቹ በመጨረሻዎቹ ወደቦች ላይ ቢሰኩ ኖሮ የካሜራዎቹን ዕዳ የሚከፍሉት እነሱ ይሆኑ ነበር፤ ሰው እያነጋገረ መስመሩ ሲቋረጥ ካሜራውን የሚጠረጥር አይኖርም። ካሜራውን በአዲስ መቀየርም መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱም በዚያው ወደብ ላይ በዚያው ሰዓት ይጠፋል።

የበጀት ማለቅን ከሌላ ብልሽት ለመለየት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው፤ ችግሩ ሲመሽ ጀምሮ ሲነጋ የሚያበቃ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ በጀቱ ያመራል። ሁለተኛው የወደብ ለውጥ ነው፤ የሚጠፋውን ካሜራና ወደብ 11 ላይ ያለውን ቦታ ሲያለዋውጧቸው ችግሩ ወደብ 22 ላይ ከቀረ ካሜራው ጤነኛ ነው። ችግሩ ካሜራውን ተከትሎ ከሄደ ግን በጀቱ ሳይሆን ካሜራው ወይም የወደብ ጣሪያው መመርመር አለበት፤ ለምሳሌ የሚሽከረከር ካሜራ ሞተሩና ማሞቂያው አብረው ሲሠሩ ለብቻው ከ15.4 ዋት ሊያልፍ ይችላል። ሦስተኛውና ቁርጡን የሚነግረው የስዊቹ የራሱ ንባብ ነው። የአሩባና የቀድሞው ፕሮከርቭ ስዊቾች ላይ የሚከተለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ወደብ ቅድሚያ፣ የተለካ ዋትና ሁኔታ ያሳያል፦

```
show power-over-ethernet brief
```

ንባቡ መወሰድ ያለበት ግን ማታ፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሳለ ነው። የቀኑ ንባብ 112 ዋት ስለሚል ያሳስታል።

ቅድሚያ መስጠት ማለት ኃይል ሲያጥር ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ መወሰን ነው። ብዙ ስዊቾች ሦስት እርከን አላቸው፦ `critical`፣ `high` እና `low`። እርከኑ የሚመረጠው በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን ሲጠፋ በሚያስከትለው ጉዳት ነው። በምሳሌው የእንግዳ ማረፊያ የበሩና የገንዘብ ቤቱ ካሜራዎች በወደብ 11 እና 12፣ የጥበቃው ስልክ በወደብ 1 ላይ ቢሆኑ ከፍተኛው እርከን የእነሱ ነው። የቀሩት ካሜራዎችና ስልኮች መካከለኛውን ይይዛሉ። ሌሊት ሰው በማይገባበት የስብሰባ አዳራሽ ያለው አክሰስ ፖይንት፣ ወደብ 10፣ ዝቅተኛውን ያገኛል።

```
configure
interface 1,11-12 power-over-ethernet critical
interface 2-9,13-22 power-over-ethernet high
interface 10 power-over-ethernet low
```

ከዚህ በኋላ በጀቱ ሲታለፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የአዳራሹ አክሰስ ፖይንት ነው። 14 ዋቱ ሲቀነስ ድምሩ 182 ይሆንና ካሜራዎቹ ሁሉ በርተው ያድራሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስና መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ሲጠይቁም ስዊቹ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ሆኖም ቅድሚያ አንድም ዋት አይጨምርም፤ እጥረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ይመርጣል።

እጥረቱን ራሱን ለማስወገድ የማታው ድምር ከበጀቱ 80 በመቶ እንዳያልፍ ማቀድ ጥሩ ልምድ ነው። የቀረው 20 በመቶ ለመነሻ ጊዜ ፍጆታ፣ ለኬብል ብክነትና ወደፊት ለሚጨመር መሣሪያ ይሆናል። ከ190 ዋት 80 በመቶው 152 ዋት ነው። አራት ካሜራዎች 65 ዋት በጀት ወዳለው ሌላ ባለ 8 ወደብ ስዊች ቢዛወሩ ከዋናው ስዊች ላይ 48 ዋት ይነሳል። የዋናው የማታ ድምር ወደ 148 ይወርዳል፤ አነስተኛው ስዊች ደግሞ ከ65 ዋቱ 48ቱን ብቻ ይጠቀማል። ሌላ ስዊች መግዛት ካልተቻለ ለአክሰስ ፖይንቶቹ የየራሳቸው ኢንጀክተር ሊገጠምላቸው ይችላል፤ ያኔ ድምሩ 168 ዋት ይሆናል። ይህ በጀቱ ውስጥ ቢገባም ከ80 በመቶው በላይ ነው። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ የኢንፍራሬዱን ብርታት መቀነስም ጥቂት ዋት ያተርፋል፤ በምትኩ ካሜራው በጨለማ የሚያይበት ርቀት ያጥራል።

ስዊቹ በዩፒኤስ የሚደገፍ ከሆነም ባትሪው የሚመጠነው በማታው ድምር ላይ የስዊቹ የራሱ ፍጆታ ተጨምሮ ነው። በምሳሌው ማረፊያ በቀኑ 112 ዋት የተመጠነ ዩፒኤስ ማታ 196 ዋት ሲጠየቅ፣ ይቆያል ከተባለበት ጊዜ ግማሹን እንኳ ላይቆይ ይችላል።